ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ድምፁ እንዳይቆራረጥ፦ እንግዳውን ባሉበት መቅረጽ

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሆኜ የአማርኛ ፖድካስት አዘጋጃለሁ። ቀጣዩ እንግዳዬ ላስታ ውስጥ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኔትወርካቸው ይመጣል ይሄዳል። በዙም ሞክሬ፣ ለየሰው የተለየ ፋይል የሚቀርጸውን ምርጫ አብርቼ እንኳ፣ የጋሼ ድምፅ እንደ ሮቦት እየሆነ ተቆራረጠብኝ። ቤታቸው ኮምፒውተር የለም፤ የልጅ ልጃቸው ግን ስማርት ስልክ አለው። ለየብቻ መቅረጽ የሚባለው እንዴት ነው? እህታችሁ ነኝ፣ ጀማሪ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ያበራሽው የዙም ምርጫ ትራኮቹን ይለያል እንጂ ድምፁን ከኔትወርኩ አያድነውም። የጋሼ ፋይል የተቀረጸው ላስታ ሳይሆን አንቺ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ድምፁ ተጨምቆ፣ ተጉዞ፣ መንገድ ላይ የጠፋው ጠፍቶ ከደረሰ በኋላ። የጥሪ ፕሮግራሞች ንግግሩን በትንንሽ ቁራጭ ነው የሚልኩት፤ አንዱ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። አንድ ቁራጭ ሲጠፋ ወይም ሲዘገይ ፕሮግራሙ ክፍተቱን ከቀደመው ድምፅ እየገመተ ይሞላዋል፤ የሮቦት ድምፅ ያልሽው ይህ ነው። ክፍተቱ ከረዘመ ዝም ይላል፤ ከዚያ የተጠራቀመው ሲደርስ ንግግሩን አፋጥኖ ያሰማሻል። እንዲህ የተበላሸ ፋይል በማስተካከያ አይመለስም፤ ያልደረሰው ቃል ፋይሉ ውስጥ የለምና።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈይው። ጥሪው ለመነጋገር ብቻ ይሁን። አድማጭ የሚሰማው ድምፅ ግን የአንቺው በአንቺ ቤት፣ የጋሼ በጋሼ ቤት ይቀረጻል፤ ፋይላቸው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ይላክልሽና አንቺ ታገጣጥሚዋለሽ። ጥሪው ምንም ያህል ቢንኮታኮት፣ ሁለታችሁ እስከተደማመጣችሁ ድረስ ቀረጻው አይነካም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። በአንድ ስልክ እየደወሉ በዚያው ስልክ መቅረጽ አይቻልም ብለሽ ተነሺ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ አንድ አፕ ማይኩን ለጥሪ ሲይዘው ሌላው መቅረጫ አፕ በአብዛኛው ዝምታ ብቻ ይደርሰዋል። ክፋቱ መቅረጫው ሰዓቱን እየቆጠረ መቀጠሉ ነው፤ መጨረሻ ላይ 40 ደቂቃ የሚል፣ ሲከፈት ግን ምንም የማይሰማበት ፋይል ይቀርሻል። አይፎን ደግሞ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻውን ያቆመዋል። ስለዚህ ከጋሼ ዘንድ ሁለት ስልክ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የግድ ስማርት ስልክ መሆን አይጠበቅበትም፤ ተራ የቁልፍ ስልክ ይበቃል፣ እንዲያውም ለዚህ ሥራ ይመረጣል። የልጅ ልጃቸው ስማርት ስልክ መቅረጫ ይሁን፤ የጋሼ የቁልፍ ስልክ መነጋገሪያ።

በቁልፍ ስልክ የሚደረግ ተራ ጥሪ ዳታ አይፈልግም፤ ኔትወርኩ ወደ 2ጂ ወርዶ ቴሌግራምና ዙም እምቢ ባሉበት ቦታም ይሠራል። ከአሜሪካ መደወል ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። ዋጋው ከከበደ፣ ጋሼ ዘንድ ሌላ ስማርት ስልክ ከተገኘ በቴሌግራም ደውዪ፤ ቪዲዮውን ግን አጥፊው። የተመረጠው ቀን ዳታው ከጠፋ ወደ ተራ ጥሪ ተሻገሪ። መቅረጫውን ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

አሁን ወደ ጋሼ ቤት እንግባ፤ የቀረጻው ጥራት የሚወሰነው እዚያ ነው።

መቅረጫው ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ጥሪ ገብቶ ቀረጻውን እንዳያቋርጥ ነው። ሁለተኛው፣ ሬዲዮ አጠገብ ስልክ ሲቀመጥ የሚሰማውን «ጥጥ ጥጥ ድርርር» የሚለውን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ 2ጂ ላይ ያለ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየበራ እየጠፋ ስለሚልክ አጠገቡ ያለ ማይክ ያንን ይለቅማል። መቅረጫው ራሱ እንዳይልክ ኤርፕሌን ሞድ ያስቆመዋል፤ መነጋገሪያውን ደግሞ ከመቅረጫው ራቅ ማድረግ ነው። ባለ ገመድ ኢርፎን ከተገኘ ጋሼ በእሱ ያዳምጡ፤ ስልኩ ኪሳቸው ወይም አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ። ኢርፎን ከሌለ ስልኩን እንደ ወትሮው ጆሯቸው ላይ ይዘው ያውሩ፣ መቅረጫው በሌላኛው ጎናቸው በኩል ይሁን።

ስፒከር ፈጽሞ አይከፈት። የአንቺ ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ በጋሼ መቅረጫ ከተቀረጸ፣ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች ስታገጣጥሚ ድምፅሽ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ከራስሽ ማይክ፣ አንዴ ዘግይቶ ከጋሼ ቤት። በርሜል ውስጥ የምታወሪ ትመስያለሽ። ጋሼ እየተናገሩበት ካለው ቦታ ላይ ማጥፋት ደግሞ አይቻልም።

መቅረጫው ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ርቀቱ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣልና፣ መጻሕፍት ተደራርበው ከላያቸው ላይ የታጠፈ ነጠላ ይነጠፍና ስልኩ በዚያ ላይ ይቀመጥ። ነጠላው ጠረጴዛው ሲነካ የሚመጣውን ጓጓታ ይውጠዋል። የአብዛኞቹ ስልኮች ማይክ ቻርጅ በሚሰካበት ጫፍ ነው፤ ያ ጫፍ ወደ ጋሼ ይዙር፤ ግን ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው። ስልኩ ሽፋን ካለው ይውለቅ፤ ማይኩን የሚከድን ሽፋን ብዙ ነው።

ክፍል ስትመርጪ ሳሎኑን አትይ። ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ያስተጋባል፤ ፍራሽና ልብስ ያለበት መኝታ ቤት፣ ወይም በጭቃ የተመረገ ጎጆ፣ እጅግ ይሻላል። ቆርቆሮ ቤት ከሆነና ክረምት ከሆነ ዝናብ ሲጥል ቀረጻው አለቀ ማለት ነው፤ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋትን ምረጪ። ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ከሆነ እሑድንና የበዓል ቀንን ተዪ፣ ድምፅ ማጉያው ግድግዳ አይከለክለውም። ቀጠሮ ስትይዢ ሰዓቱን በአገር ቤት አቆጣጠር ንገሪያቸው፤ የሰዓት ለውጡ አንቺ ዘንድ በበጋና በክረምት ስለሚለያይ 7 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ልዩነት መሆኑን በየጊዜው አረጋግጪ።

ስለ መቅረጫው አፕ። ከስልኩ ጋር የመጣው የድምፅ መቅረጫ በቂ ነው፤ አዲስ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። ሦስት ነገር ግን የልጅ ልጃቸው ከቀረጻው በፊት ያይልሽ። አንዳንድ መቅረጫ ጸጥታ ሲያጋጥመው እየዘለለ የሚቀርጽበት ምርጫ አለው፤ ያ መጥፋት አለበት። አንቺ ስትጠይቂ ጋሼ ዝም ይላሉ፣ መቅረጫው ያን ዝምታ ከቆረጠው ሁለቱ ፋይሎች መቼም አይገጥሙም። ባትሪ ቆጣቢውም ይጥፋ፤ ስክሪኑ ሲጨልም አፑን የሚገድል ስልክ አለ። ማንቂያ ደወልም ይታይ፤ ኤርፕሌን ሞድ ደወልን አያስቆምም።

የጥራት ምርጫ ካለው 128 ኪሎቢት የሚለው ይመረጥ። ለ40 ደቂቃ ፋይሉ 38 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። 64 ኪሎቢት ከሆነ 19 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ለንግግር ይህም ያስኬዳል። ያልተጨመቀ ዌቭ ግን በአንድ ትራክ እንኳ ለዚያው ጊዜ 230 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ከላስታ ሲላክ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እንግዳው ጥሩ ኢንተርኔት ቢኖረው ዌቭ እመርጥ ነበር፤ እዚህ ግን የደረሰ የተጨመቀ ፋይል ካልደረሰ ዌቭ ይበልጣል።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ፦ ቀረጻው 20 ደቂቃ በሞላ ቁጥር ቆሞ እንደገና ይጀመር። ኤም4ኤ የሚባለው የተጨመቀ የድምፅ ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ሲዘጋ ነው። ስልኩ መሃል ላይ ባትሪው ካለቀበት ድምፁ ሚሞሪው ላይ እያለ ፋይሉ አይከፈትም፤ `ffmpeg` በሚባለው የድምፅና የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ብትከፍቺው `moov atom not found` ይልሻል። ከዚያው ስልክ በተቀረጸ ጤነኛ ፋይል እየታገዘ የሚጠግን ኡንትራንክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል፤ ግን ሁለት ፋይል ከሆነ ቢበዛ የሚጠፋው ግማሹ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀመርም ሲያልቅም ከታች የምነግርሽ ምልክት ይደረግበት።

በአንቺ በኩል ብዙ የሚባል የለም። ማይክሽን ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅረጫና ማስተካከያ ፕሮግራም በ48000 ኸርዝ፣ በሞኖ ቅረጪ፤ ጆሮሽ ላይ ሄድፎን ይሁን። ከዚህ ሌላ ግን ሦስተኛ ቀረጻ ያስፈልግሻል፦ ጥሪው ራሱ። እኔ ማመሳከሪያ እለዋለሁ። ጥራቱ አያሳስብሽ፣ ለአድማጭ አይቀርብም። የሚጠቅመው የጋሼን ድምፅ የሰማሽበትን ትክክለኛ ሰዓት ስለሚይዝ ነው። በዙም ከሆነ ላፕቶፕሽ ላይ የሚቀረጸው የዙም ፋይል ማመሳከሪያ ይሆናል። በተራ ስልክ ወይም በቴሌግራም ከሆነ የኢርፎንሽን አንዱን ጆሮ አውልቂና ሌላ ስልክ ማይክ ላይ አስጠግተሽ ቅረጪው፤ የራስሽ ድምፅም ከክፍሉ ስለሚገባ ማመሳከሪያው ሁለታችሁንም ይይዛል። የሜሪላንድ ሕግ ጥሪን ለመቅረጽ የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጋሼ መቀረጻቸውን ማወቃቸውንና መፍቀዳቸውን መጀመሪያ ላይ በድምፃቸው ይናገሩ።

ከቀጠሮው ቀደም ብሎ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ይቀረጽና ይላክልሽ። ስታዳምጪው መጀመሪያ የራስሽን ድምፅ ፈልጊ። ከጋሼ ድምፅ ጀርባ አንቺ በቀጭኑ ከተሰማሽ የኢርፎኑ ድምፅ ይቀነስ። ቀጥሎ የድምፁን መጠን ተመልከቺ፤ ሲስቁ ወይም ድምፃቸውን ሲያነሱ ሞገዱ ላይና ታች ተቆርጦ ጠፍጣፋ ከሆነ መቅረጫው ትንሽ ይራቅ። የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም፤ ቀጭን ድምፅ ግን ይጎላል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሁለቱም መቅረጫዎችና ማመሳከሪያው መሥራታቸው ሲረጋገጥ፣ ጋሼ መቅረጫው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ አስከትለው «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» ይበሉ። ጭብጨባ ብቻ የማይበቃው የጥሪ ፕሮግራሞች ጭብጨባን እንደ ጫጫታ ቆጥረው ስለሚያፍኑት ነው፤ ጋሼ ፋይል ላይ ጎልቶ ማመሳከሪያው ላይ ሊጠፋ ይችላል። «ጣ» ግን ንግግር ስለሆነ ያልፋል። የ«ጠ» አነሳስ ስለታም ስለሆነ ደግሞ ሞገዱ ላይ እንደ ችንካር ተነጥሎ ይታያል። በክፍሉ መጨረሻም ይኸው ይደገም።

ውይይቱ ሲጀመር ሁለት ነገር ለጋሼ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ድምፅሽ ቢጠፋም የጀመሩትን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ይናገሩ፤ መቅረጫው እየሰማቸው ነው። ጥሪው ከተቋረጠ ደግሞ መቅረጫውን ማንም አይንካ፤ አንቺ መልሰሽ ትደውያለሽ። ያልሰማሽው መልስ ካለ እንዲደግሙት አታድክሚያቸው፤ «የመጨረሻውን ሐሳብ በአጭሩ ይንገሩኝና እንቀጥል» በይና ቀጣዩን ጥያቄ በእሱ ላይ መሥርቺ፤ ሙሉው መልስ ፋይላቸው ላይ ይጠብቅሻል። ጥሪው የተቋረጠበትን ደቂቃ ወረቀት ላይ ጻፊ።

ሲያልቅ ፋይሎቹ በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላኩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ቀረጻውን በድምፅ መልእክት ደግሞ መቅረጽ የሚቀናቸው ሰዎች አሉ፤ የልጅ ልጃቸው ያን እንዳያደርግ በግልጽ ይነገረው። የሚያየውን የፋይሉን ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ ይጻፍልሽ፤ ላፕቶፕሽ ተርሚናል ላይ በእነዚህ ትእዛዞች ከደረሰሽ ጋር አስተያዪው፦

```
ffprobe -v error -show_entries format=duration -of default=nw=1 engida1.m4a
ffmpeg -i engida1.m4a -ac 1 -ar 48000 engida1.wav
```

የመጀመሪያው ርዝመቱን በሰከንድ ያሳይሻል፤ ሁለተኛው ከአንቺ ፋይል ጋር አንድ ዓይነት ወደ ሆነ ዌቭ ይለውጠዋል። እስከ መጨረሻው አዳምጠሽ «ደርሶኛል» እስክትዪ ድረስ ልጁ ከስልኩ ላይ ምንም አያጥፋ።

ማገጣጠሙን በቁጥር ላሳይሽ። ቀረጻው ሳይቋረጥ 40 ደቂቃ የሄደ አንድ ፋይል ነው እንበል። ኦዳሲቲ ላይ ሦስት ትራክ አለሽ፦ የአንቺ ማይክ፣ ማመሳከሪያው፣ የጋሼ ፋይል። መጀመሪያ ማመሳከሪያውን ከራስሽ ማይክ ጋር በራስሽ ድምፅ ግጠሚ። ከዚያ ወደ ጋሼ ነው። ማመሳከሪያው ላይ የጋሼ የመጀመሪያ «ጣ» 1 ደቂቃ ከ12.40 ሰከንድ ላይ ይታያል። በፋይላቸው ላይ ያው «ጣ» 31.15 ሰከንድ ላይ ነው። ልዩነቱ 41.25 ሰከንድ ስለሆነ የጋሼን ትራክ በዚያ ያህል ወደ ቀኝ ትገፊዋለሽ። መጀመሪያው ገጠመ።

አሁን መጨረሻውን እዪ። ማመሳከሪያው ላይ የመዝጊያው «ጣ» 41 ደቂቃ ከ14.60 ላይ ነው፤ የተገፋው የጋሼ ትራክ ላይ ግን 41 ደቂቃ ከ14.36 ላይ ተገኘ። 0.24 ሰከንድ ቀድሟል። ይህ ከየት መጣ? ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ሳታዪ አትንኪው። ወደ መሃሉ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ሂጂና ጎልቶ የሚጀምር አንድ ቃል ፈልገሽ በሁለቱም ትራክ ላይ ሰዓቱን አወዳድሪ፤ በ10 እና በ30 ደቂቃ ላይም እንዲሁ።

መሃሉ ላይ ልዩነቱ 0.12 ሰከንድ ያህል፣ ማለትም ግማሹ፣ ከሆነ የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት ልዩነት ነው። በስልኩና በላፕቶፑ ውስጥ ጊዜ የሚቆጥሩት ክሪስታሎች በትክክል እኩል አይቆጥሩም፤ እዚህ ምሳሌ ላይ ልዩነቱ ከ10,000 አንድ ነው። ይህ የሁሉም ቀረጻ ጠባይ ነውና አያስደንግጥሽ። ቀላሉ መንገድ መለጠጥ ሳይሆን መቁረጥ ነው፤ በየ10 ደቂቃው ጋሼ ዝም ያሉበት ቦታ ላይ በ`Ctrl+I` ትራካቸውን ትቆርጪና ቀሪውን 0.06 ሰከንድ ወደ ቀኝ ትገፊዋለሽ። ማንም ጆሮ አይለየውም። አንዴ መለጠጥ ከመረጥሽ `Change Speed and Pitch` ላይ የለውጡን መጠን `-0.010` በመቶ አድርጊ።

እስከ አንድ ቦታ ድረስ ልክ ገጥሞ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም እኩል 0.24 ከሆነ መቅረጫው አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ጥሏል ማለት ነው። ስልኩ ለቅጽበት ሌላ ሥራ ይዞት ወይም ሚሞሪው ሊሞላ ተቃርቦ ይሆናል። እዚህ ላይ መለጠጥ ጥፋት ነው፤ ደህናውን ክፍል ታበላሺዋለሽ። ከተጠረጠረው ቦታ በፊትና በኋላ ያሉ ቃላትን እያወዳደርሽ እየጠበብሽ ሂጂ፣ የጎደለበትን ቅጽበት ታገኚዋለሽ። እዚያ ቁረጪና ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ግፊ።

ልዩነቱ አንዴ 0.10፣ አንዴ 0.30፣ ደግሞ 0.05 እያለ ከተወዛወዘ ደግሞ የጋሼ ፋይል ጤነኛ ነው፤ የተወዛወዘው ማመሳከሪያው ነው። ኔትወርኩ ሲደክም መዘግየቱ ይጨምራል፣ ሲያገግም ይቀንሳል፤ ማመሳከሪያው ያን ሁሉ ይሸከማል። ደካማ መስመር ላይ በብዛት የምታገኚው ይህን ነው። በመጀመሪያው «ጣ» የገጠመውን እንዳለ ተዪውና ጥያቄና መልሱ ከተዛነፈ ብቻ በዚያ ቦታ ላይ አስተካክዪ። ጥሪው ተቋርጦ በተደወለበት ቦታ ሁሉ ግን መዘግየቱ ሊቀየር ስለሚችል የጻፍሽውን ደቂቃ ይዘሽ አንድ በአንድ እይ።

በመጨረሻ የምታስተውዪው ነገር፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄሽ በኋላ ጋሼ ለመመለስ የዘገዩ መምሰላቸው ነው። ጥያቄሽ ደርሶ መልሳቸው እስኪመለስ ድምፁ ደርሶ መልስ ተጉዟል፤ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን አሳጥሪ፣ ግን ሁሉንም ትራኮች አንድ ላይ መርጠሽ ቁረጪ፤ `Sync-Lock Tracks` አብሪ። ከአንዱ ትራክ ላይ ብቻ ከቆረጥሽ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። ጋሼ በእርግጥ ሲያስቡ የቆዩበትን ዝምታ ግን ተዪላቸው፤ ኢርፎናቸው ላይ ጥያቄሽ ከደረሰ በኋላ የነበረው ትንፋሽ ፋይላቸው ላይ ስለሚሰማ ከመስመር መዘግየት ትለዪዋለሽ። ድምፅ ማጽዳትና ማስተካከል ሁሉ ከዚህ በኋላ ይሁን፤ ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ በ`Loudness Normalization`፣ LUFS በሚባለው የድምፅ ጉልህነት መለኪያ፣ ወደ -19 ብታመጪያቸው አድማጭ ድምፁን እየጨመረ እየቀነሰ አይቸገርም።

በብራውዘር የሚሠሩት ሪቨርሳይድና ዜንካስተርም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ በእንግዳው መሣሪያ ላይ ቀርጸው ፋይሉን ቀስ በቀስ ይልካሉ። ላፕቶፕና ደህና ዳታ ላለው እንግዳ ደስ ይላሉ። ለጋሼ ግን አልመክራቸውም፤ ጥሪውም ቀረጻውም አንድ ስልክ ላይ ይወድቃል፣ የተቀረጸው ተልኮ ሳያልቅም ገጹ ከተዘጋ ያልተላከው አደጋ ላይ ነው።

ሁለተኛ ስልክ ጭራሽ ካልተገኘ ጥያቄዎችሽን አስቀድመሽ በድምፅ መልእክት ላኪላቸው። ጋሼ አንድ በአንድ ያዳምጡና ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆኖ እየቀረጹ ይመልሱ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፋይል። ሞቅ ያለ ምልልስ አይሆንም። መልሶቹ ሲደርሱሽ ግን አዳምጠሽ ተከታይ ጥያቄዎችን በሁለተኛ ዙር መላክ ትችያለሽ፤ ያኔ የራስሽንም ጥያቄዎች ከመልሶቹ ጋር በሚሄድ ድምፅ እንደ አዲስ ቅረጪያቸው።